አማካዩ አትርፏል፣ ገንዘቡ ጎድሏል

ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ አምስት መቶ ያህል ትልልቅ ኩባንያዎችን አንድ ላይ ይዞ አክሲዮናቸው በዓመት ስንት እንዳተረፈ ወይም እንደከሰረ ያሳያል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2000 መጀመሪያ እስከ 2009 መጨረሻ ያሉትን አስር ዓመታት እንውሰድ። ኩባንያዎቹ የከፈሉትን የትርፍ ድርሻ ጨምረን፣ የየዓመቱን ውጤት ደምረን ለአስር ብናካፍለው በዓመት 1.2 በመቶ ትርፍ ይወጣል። ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ትርፍ ነው።

አሁን ደግሞ ገንዘቡን እንከተል። አንድ ሰው በ1999 የመጨረሻ ቀን 10,000 ዶላር አስገባ እንበል። ምንም አላወጣም፣ ምንም አልጨመረም፣ የደረሰውን የትርፍ ድርሻ ሁሉ መልሶ አክሲዮን ገዝቶበታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ተከታታይ ኪሳራ ነበሩ፤ በ2002 መጨረሻ ገንዘቡ ወደ 6,238 ዶላር ወርዷል። ከዚያ ገበያው አገገመና በ2007 መጨረሻ 11,411 ደረሰ። 2008 መጣና 37 በመቶውን ይዞበት ሄደ፤ የቀረው 7,189 ሆነ። በ2009 ገበያው 26.5 በመቶ ተነሣ፤ ሂሳቡም 9,094 ዶላር ላይ ቆመ። አስር ዓመት ጠብቆ 906 ዶላር ጎደለው።

ደላላ አልወሰደበትም፣ ቀረጥም አልተቆረጠበትም። እዚህ ስሌት ውስጥ የአገልግሎት ክፍያ የሚባል ነገር አላስገባንም። 1.2 በመቶ የሚለው አማካይም ተሳስቶ የተሠራ አይደለም፤ የፈለገ ሰው ደግሞ ደምሮ ሊያካፍለው ይችላል። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። አንደኛው ግን የዓመታቱን አማካይ ይነግረናል፤ ሁለተኛው የሰውየውን ገንዘብ። እነዚህ ሁለቱ ለምን እንደሚለያዩ፣ ልዩነቱስ በምን ልክ እንደሚያድግ የገባው ሰው የኢንቨስትመንት ማስታወቂያን በሌላ ዓይን ያነባል።

ከትንሹ ምሳሌ እንነሣ። 100 ብር ዘንድሮ 20 በመቶ አተረፈ፣ ከርሞ 20 በመቶ ከሰረ። ደምረን ብናካፍል ዜሮ ነው። ገንዘቡ ግን መጀመሪያ 120 ሆነ፤ ቀጥሎ የተቆረጠው የ120 ሃያ በመቶ፣ ማለትም 24 ብር ነው። የቀረው 96 ብር። ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው፤ መጀመሪያ ይክሰር፣ ከዚያ ያትርፍ። 100 ወደ 80 ይወርዳል፣ የ80 ሃያ በመቶ 16 ነው፣ መድረሻው አሁንም 96። ኪሳራው ቢቀድምም ቢዘገይም ያው ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው ኪሳራው መጀመሪያ ሲመጣ ብቻ ይመስለዋል፤ ገንዘቡ እስካልተነካ ድረስ ግን ማባዛት ቅደም ተከተል አያውቅም።

ነገሩ ያለው እዚያው ነው። ትርፍና ኪሳራ በመቶኛ ሲነገሩ የሚደማመሩ ይመስላሉ፤ የሚሠሩት ግን በማባዛት ነው። የ20 በመቶ ትርፍ ማለት ያለንን ገንዘብ በ1.20 ማባዛት ነው፤ የ20 በመቶ ኪሳራ በ0.80 ማባዛት ነው። ሁለቱ ተባዝተው 0.96 ይሰጣሉ። ለሚባዛ ነገር የሚስማማው አማካይ ተደምሮ የሚካፈለው ሳይሆን ጂኦሜትሪክ የሚባለው ነው፤ የሚጠይቀውም አንድ ጥያቄ ነው፦ በየዓመቱ ሳይለዋወጥ እኩል ቢያድግ ኖሮ፣ እዚሁ መድረሻ ላይ ለመድረስ በዓመት በስንት ማደግ ነበረበት? አሠራሩ ቀላል ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን ገንዘብ ለመነሻው ማካፈል፣ የዓመታቱን ብዛት ያህል ሥር ማውጣት፣ ከዚያ አንድ መቀነስ። የአሜሪካው አስርት ዓመት በስልክ ካልኩሌተር ሲሠራ እንዲህ ይመጣል፦

(9094/10000)^(1/10) − 1 = −0.0095

በዓመት አንድ በመቶ ገደማ ኪሳራ ማለት ነው። 1.2 ትርፍ በሚለው አማካይና በዚህ መካከል ሁለት ነጥብ የሚያህል ክፍተት አለ። የፋይናንስ ሰዎች ይህን ክፍተት የመዋዠቅ ጉተታ ይሉታል፤ ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ ገንዘቡን ወደ ኋላ የሚጎትተው ነገር ማለታቸው ነው።

የጉተታው ልክ በዘፈቀደ የሚመጣ አይደለም። የ20 በመቶውን ምሳሌ መልሰን እንየው። በሁለት ዓመት ውስጥ የጠፋው 4 ብር ነው፤ 4 በመቶ ደግሞ ሃያ በመቶ በሃያ በመቶ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ለሁለት ዓመት ሲካፈል በዓመት 2 በመቶ ይደርሳል። አሁን መዋዠቁን እጥፍ እናድርገው፤ አንድ ዓመት 40 በመቶ ትርፍ፣ ሌላው ዓመት 40 በመቶ ኪሳራ። 100 ብር 140 ይሆናል፣ ከዚያ 84። አማካዩ ያው ዜሮ ነው፤ የጠፋው ግን 16 ብር። መዋዠቁ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ሆነ። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ቀመርም ከዚህ የራቀ አይደለም፦ የዓመቱ ውጤት ከአማካዩ ግራና ቀኝ የሚርቅበትን ልክ በራሱ አባዛው፣ ግማሹን ውሰድ፣ ከተራው አማካይ ቀንስ። የቀረው በግምት ጂኦሜትሪክ አማካዩ ነው።

ቀመሩን በ2000ዎቹ አስር ዓመታት እንፈትነው። የየዓመቱ ውጤት ከ1.2 የሚርቅበት ልክ፣ በስታቲስቲክሱ መለኪያ ሲሰላ፣ 20 በመቶ ያህል ነው። 0.20 በራሱ ሲባዛ 0.04፣ ግማሹ 0.02፣ ይኸውም 2 በመቶ። ከ1.2 ላይ 2 ሲነሣ ከዜሮ በታች 0.8 ይሆናል። ትክክለኛው መልስ ከዜሮ በታች 0.95 ነበር። ለእጅ ስሌት መጥፎ አይደለም። ቀመሩ ግምት ስለሆነ ዓመታቱ በጣም ሲራራቁ ይስታል፤ እንደ 2008 ያለ ከባድ ውድቀት ሲገባ ደግሞ እውነተኛው ውጤት ቀመሩ ከሚለው ይልቅ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው።

ስለ 2008 አንድ ነገር ልጨምር። ያኔ 37 በመቶ የወረደው ገበያ በቀጣዩ ዓመት 26.5 በመቶ ሲነሣ «አብዛኛው ተመለሰ» ያለ ሰው ብዙ ነው። ከ37 ላይ 26.5 ሲቀነስ 10.5 ይቀራል ብሎ ማሰብ ቀላል ነውና። እውነቱ ግን ከ2007 መጨረሻ ጋር ሲነጻጸር ገንዘቡ ገና 20 በመቶ ጎድሎ ነበር። 63 ብር የቀረው ሰው ወደ 100 ለመመለስ 59 በመቶ ያህል ማትረፍ አለበት። ግማሹን ያጣ እጥፍ ማትረፍ አለበት። ዘጠና በመቶ ያጣ ደግሞ ያለው ገንዘብ አስር እጥፍ እስኪሆን መጠበቅ ነው፤ እንዲህ ያለውን መጠበቅ ተስፋ ከማለት ሎተሪ ማለቱ ይቀላል።

ሁለት ነጥብ ልዩነት በአንድ ዓመት የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚያስደነግጠው ሲጠራቀም ነው። የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን ከ1926 ጀምሮ ያለው ረጅም ታሪክ በተራው አማካይ ሲለካ በዓመት ወደ 12 በመቶ፣ በጂኦሜትሪኩ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። አንድ ሻጭ ለሠላሳ ዓመት ጡረታ ዕቅድ ሲያወጣ «የአክሲዮን አማካይ ትርፍ 12 በመቶ ነው» ብሎ 10,000 ዶላርን በ12 በመቶ ሠላሳ ጊዜ ቢያሳድገው 300,000 ዶላር ገደማ ያሳያል። በ10 በመቶ ቢያሳድገው 174,000 ይሆናል። በወረቀቱ ላይ ያለው ልዩነት 126,000 ዶላር ነው፤ ደንበኛው ደግሞ የሚጡረው በሁለተኛው ገንዘብ እንጂ በመጀመሪያው አይደለም። ሻጩ የዋሸው ነገር የለም፤ 12 የሚለው ቁጥር ከታሪኩ የወጣ ነው። ጥፋቱ፣ የሚደመር ቁጥር ወስዶ ማባዛቱ ላይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን ስለሚያውቅ የጋራ ፈንዶች የአንድ፣ የአምስትና የአስር ዓመት ውጤታቸውን ሲያስተዋውቁ መነሻውና መድረሻው ተያይዞ በሚሰላው፣ ማለትም በጂኦሜትሪኩ መንገድ እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ስለዚህ የፈንዱ ሕጋዊ ሰነድ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይታመናል፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በቃል ለሚነገረውና በሰሌዳ ላይ ለሚጻፈው ነው።

ጉተታው እርቃኑን የሚታይበት ቦታ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ገበያ የአንድን ኢንዴክስ የየዕለት ለውጥ እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ አድርገው እንሰጣለን የሚሉ ፈንዶች አሉ። ኢንዴክሱ ዛሬ 1 በመቶ ከጨመረ ፈንዱ 2 ይጨምራል፣ 1 ከቀነሰ 2 ይቀንሳል። አንባቢ ወዲያው የሚገምተው «እንግዲያው በዓመትም እጥፍ ነዋ» ብሎ ነው። አይደለም። ለምን እንዳልሆነ የፈንዱን የሁለት ቀን ሥራ ከውስጥ ገብተን እንይ።

ፈንዱ የራሱ 100 ዶላር አለው። እጥፍ ለመሆን 100 ዶላር ተበደረና 200 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ያዘ። በመጀመሪያው ቀን ገበያው 10 በመቶ ወጣ፤ ከ100 ወደ 110። የፈንዱ አክሲዮን 220 ሆነ፣ ዕዳው 100 ነው፣ የራሱ ገንዘብ 120 ደረሰ። እስካሁን ቃሉን ጠብቋል። ነገም እጥፍ ለመሆን ግን የ120 እጥፍ፣ 240 ዶላር አክሲዮን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ተጨማሪ 20 ዶላር ተበድሮ አክሲዮን ገዛ፤ የገዛውም ገበያው ከወጣ በኋላ፣ በተወደደው ዋጋ ነው። በሁለተኛው ቀን ገበያው ከ110 ወደ 100 ተመለሰ፤ ይህ 9.09 በመቶ ውድቀት ነው። የፈንዱ 240 ዶላር አክሲዮን 218.18 ሆነ። ዕዳው 120 ነው። የቀረው 98.18።

ገበያው ከተነሣበት ተመልሷል፤ ፈንዱ 1.82 ዶላር ጎድሎታል። ይህ 1.82 የት እንደሄደ በትክክል ማየት ይቻላል፦ በ110 ዋጋ የተገዛው የ20 ዶላር አክሲዮን 9.09 በመቶ ሲወድቅ ያመጣው ኪሳራ ነው። ያንን ግዢ ባይገዛ ኖሮ 220ው ወደ 200 ተመልሶ፣ ዕዳው 100 ተነሥቶ፣ 100 ዶላሩ ሳይነካ ይገኝ ነበር። አሁን ደግሞ ዕዳውን ከአዲሱ ገንዘቡ ጋር ለማስተካከል ከ20 ዶላር በላይ አክሲዮን መሸጥ አለበት፤ የሚሸጠውም በረከሰው ዋጋ። ሥራው ሲወደድ መግዛት፣ ሲረክስ መሸጥ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ማንም ተሳስቶ ሳይሆን በደንቡ መሠረት፣ በየቀኑ።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪዎች በነሐሴ ወር 2009 ለሕዝብ ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ ከታኅሣሥ 2008 መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ 2009 መጨረሻ የሆነውን በምሳሌነት ጠቅሰው ነበር፤ ወሮቹ በፈረንጆች ናቸው። የራስል 1000 የፋይናንስ ኩባንያዎች ኢንዴክስ በእነዚያ አምስት ወራት 8 በመቶ ያህል ጨመረ። የዚህኑ ኢንዴክስ የዕለት ለውጥ ሦስት እጥፍ እሰጣለሁ የሚለው ፈንድ 53 በመቶ ወደቀ። ኢንዴክሱ ሲወድቅ ሦስት እጥፍ አተርፋለሁ የሚለው ተቃራኒው ፈንድ ደግሞ 90 በመቶ ወደቀ። ገበያው ይወጣል ብሎ የወረረደም፣ ይወርዳል ብሎ የተወራረደም አብረው ከሰሩ። ያ ዘመን ባንኮች በአንድ ቀን አስርና ከዚያ በላይ በመቶ የሚወጡበትና የሚወርዱበት ነበር። ሦስት እጥፍ ብድር ደግሞ ጉተታውን ሦስት እጥፍ ሳይሆን ዘጠኝ እጥፍ ነው የሚያደርገው፤ ልክ ቅድም እጥፉ አራት እንደሆነው።

ለእውነት ያህል ግን እነዚህ ፈንዶች ሁልጊዜ ይሸነፋሉ ማለት አይደለም። ገበያው ሳይዋዥቅ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ያው አሠራር ይጠቅማቸዋል። ሁለት ቀን ተከታትሎ 10 በመቶ ቢወጣ ኢንዴክሱ 21 በመቶ ሲያተርፍ እጥፉ ፈንድ 44 በመቶ ያተርፋል፤ ከእጥፍም ይበልጣል። የሚበላቸው ወጣ ገባ ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ አንባቢ ሊያቋርጠኝ ይችላል። «ተራው አማካይ እንግዲህ ከንቱ ነው?» አይደለም። የማንን ገንዘብ እንደሚናገር ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ውርርድ አለ እንበል፤ በእያንዳንዱ ዙር በእኩል ዕድል ወይ 50 በመቶ ያስገኛል ወይ 40 በመቶ ያስከስራል። ተራው አማካይ በየዙሩ 5 በመቶ ትርፍ ነው። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ብር ይዘው ገቡና ሁለት ዙር ተጫወቱ፤ አራቱም ሊሆኑ የሚችሉት ውጤቶች ለየአንዳንዳቸው ደረሱ። ሁለቴ ያሸነፈው 225 ብር ያዘ። አንዴ አሸንፈው አንዴ የተሸነፉት ሁለቱ 90፣ 90 ብር ያዙ። ሁለቴ የተሸነፈው 36 ብር ቀረው። የአራቱ ድምር 441 ነው፣ ለአራት ሲካፈል 110.25። በእርግጥም በየዙሩ 5 በመቶ አድጓል! ግን ከአራቱ ሦስቱ ከገቡበት ያነሰ ይዘው ነው የወጡት።

ዙሩን ሃያ እናድርሰው። የሁሉም ተጫዋች አማካይ ወደ 265 ብር ያድጋል። ከተጫዋቾቹ መሐል ላይ ያለው ሰው፣ አስር ጊዜ አሸንፎ አስር ጊዜ የተሸነፈው፣ 35 ብር ገደማ ነው የሚቀረው። ከአራት ተጫዋቾች ሦስቱ ያህል በኪሳራ ይወጣሉ። አማካዩን ወደ ላይ የሚያነሡት ጥቂት እጅግ ያሸነፉ ሰዎች ናቸው። ተራው አማካይ የጠቅላላውን ገንዘብ ይናገራል፤ ጂኦሜትሪኩ የመካከለኛውን ሰው ዕጣ። አንድ ሕይወትና አንድ የጡረታ ሂሳብ ያለው ሰው የሚያስፈልገው የኋለኛው ይመስለኛል።

ጉተታው የማይነካው ሁኔታም አለ። መርካቶ ላይ እህል የሚነግድ ሰው በዚሁ የ50 እና የ40 በመቶ ዕድል ይነግዳል እንበል፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚያሠራው ቁርጥ ያለ 100,000 ብር ነው። ያተረፈ ዓመት 50,000ውን አውጥቶ ቤት ይሠራበታል። የከሰረ ዓመት የጎደለውን 40,000 ከሌላ ገቢው ሞልቶ እንደገና በ100,000 ይጀምራል። በሁለት ዓመት የቀረው 10,000 ብር ትርፍ ነው፣ በዓመት 5,000፣ ልክ ተራው አማካይ እንዳለው። ጎረቤቱ በዚያው ንግድ ትርፉንም ኪሳራውንም ሳይነካ እዚያው ቢተወው 100,000ው 150,000 ሆኖ ወደ 90,000 ይወርዳል። ዕቃው አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ዓመቱ አንድ። ልዩነቱ የሁለተኛው ትርፍ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ለአደጋው መጋለጡ ነው። የመጀመሪያው ብልሃት ግን የጎደለውን የሚሞላበት ሌላ ገንዘብ ላለው ሰው ነው የሚሠራው፤ ይህ ገንዘብ ሲያልቅ እሱም ወደ ጎረቤቱ ሂሳብ ይገባል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በደንብ ሊያጤኑት ይገባል። ፎር ኦ ዋን ኬይ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ በየደሞዙ የሚቆጥብ ሰው 10,000 ዶላር አንዴ አስገብቶ እንደተቀመጠው ሰውዬ አይደለም። በ2002 እና በ2008 መጨረሻ ያስገባው ገንዘብ በረከሰ ዋጋ ስለገዛ፣ በዚያው የከሰረ አስርት ዓመት ውስጥ የእሱ ሂሳብ ከላይ ካየነው የተለየ ሊሆን ይችላል። የገበያው አማካይ፣ ተራውም ሆነ ጂኦሜትሪኩ፣ የእሱን ሂሳብ አይነግረውም። ያስገባበትን ቀንና መጠን ይዞ የራሱን ማስላት አለበት፤ አብዛኞቹ የሂሳብ ድረ ገጾች ይህን ሠርተው ያሳያሉ።

ጉተታውን መቀነስ ይቻላል ወይ ለሚለው መልሱ ከቀመሩ ውስጥ አለ። መዋዠቁ ግማሽ ሲሆን ጉተታው ሩብ ይሆናል። አማካዩ 12 በመቶ፣ መዋዠቁ 20 በመቶ የሆነ አክሲዮን አለ እንበል፤ ከጉተታው በኋላ የሚቀረው 10 ነው። ከጎኑ ሳይዋዥቅ 4 በመቶ የሚከፍል ቁጠባ አለ። ገንዘቡን እኩል ከፍሎ በሁለቱ ላይ ያስቀመጠ፣ በየዓመቱም ወደ እኩል የሚመልሰው ሰው አማካዩ 8፣ መዋዠቁ 10 ይሆናል፤ ጉተታው ግማሽ በመቶ ብቻ ስለሆነ 7.5 ይቀረዋል። የ10 እና የ4 መካከል 7 ነበር። ያቺ ግማሽ በመቶ ከየትም አልመጣችም፤ ሳይዋዥቅ የቀረው ገንዘብ ነው። በ10 በመቶው ሰው ላይ ግን አልበለጠም፤ መዋዠቅን መቀነስ ትርፍ አይፈጥርም፣ አማካዩም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ጉተታውን አውልቀን ብንጥለው 12 በመቶው በእጃችን ይገባ ነበር ብሎ መቆጨት ትርጉም የለውም፤ 12 በመቶ እየሰጠ የማይዋዥቅ ነገር ገበያ ላይ አይሸጥም።

በአገራችን የባንክ አክሲዮን የገዛ ሰው ለብዙ ዓመት ይከታተል የነበረው በጠቅላላ ጉባኤ የሚታወጀውን የትርፍ ድርሻ ነው። ዋጋው በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ የሚያይበት ሰሌዳ አልነበረውም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በፈረንጆች ጥር 2025 ተመርቋል፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆኗል። ዋጋ በይፋ መገበያየት ሲጀምር «የአምስት ዓመት አማካይ ትርፍ» የሚል ማስታወቂያ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ሻጩን አማካዩን ተወውና ይህን ንገረኝ በሉት፦ ከአምስት ዓመት በፊት የገባው 100 ብር፣ ማንም ሳይነካው፣ ዛሬ ስንት ሆኗል?